የተቀረጸ ትምህርት እንዴት ይገኛል? የኮርስ ስም፣ ሳምንት፣ ርዕስና ሊፈለግ የሚችል ማጠቃለያ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርት መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለጽሑፍ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)

ዛሬ የምናገረው የክፍል ትምህርት ተቀርጾ ከተቀመጠ በኋላ ስለሚገጥመው ዕጣ ነው። በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ ለዐሥራ ስድስት ሳምንታት የሚሰጥ አንድ ኮርስ 48 ሰዓት ቅጂ ይወልዳል። ታሞ ከክፍል የቀረ ወይም ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ከዚህ ውስጥ የሚያስፈልገው ምናልባት የሦስት ደቂቃ ማብራሪያ ብቻ ነው። ቪዲዮ ደግሞ እንደ መጽሐፍ ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው የሚቃኙት ነገር አይደለም። ስለዚህ ተማሪው ያቺን ሦስት ደቂቃ ማግኘት አለማግኘቱ የሚወሰነው ከቅጂው ጋር በተያያዙት ጥቂት የጽሑፍ መስመሮች ነው። እነዚህን መስመሮች ሜታዳታ ወይም ገላጭ መረጃ እንላቸዋለን።

ለገላጭ መረጃ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች አሉ። ከሁሉም የታወቀው በ1995 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና 15 መሠረታዊ መስኮች ያሉት ደብሊን ኮር ነው። እኔ ግን ዛሬ የማተኩረው ለክፍል ቅጂ ወሳኝ በሆኑት በአራቱ ላይ ነው፤ እነርሱም የኮርስ ስም፣ ሳምንት፣ ርዕስና ማጠቃለያ ናቸው። ለማሳያ እንዲሆነን «መግቢያ ለሥነ ፈለክ» የተባለ ኮርስ እንውሰድ። የሃምሳ ደቂቃ ትምህርት ነው፤ ርዕሱ የኬፕለር ሕጎች ነው፤ ቅጂው ከካሜራው የወጣው `rec_0012.mp4` በሚል ስም ነው።

የኮርስ ስምና ሳምንት

የኮርስ ስም ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሥርዓተ ትምህርት ሲከለስ ስም ይለወጣል። አንዱ መምህር «ሥነ ፈለክ 1»፣ ሌላው «መግቢያ ለሥነ ፈለክ» ብሎ ከመዘገበ፣ የአንድ ኮርስ ቅጂዎች ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። ስለዚህ በሬጅስትራር መዝገብ ላይ ያለው የኮርስ ኮድና ሙሉ ስም ሁለቱም ይጻፋሉ። ስሙ ቢለወጥ እንኳ ኮዱ ቅጂዎቹን ያስተሳስራቸዋል። ኮዱም ከተለወጠ የቀድሞው ኮድ በተጨማሪነት ይመዘገባል እንጂ አይፋቅም።

በሳምንት ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው ትምህርቱ በኮርሱ ዕቅድ ውስጥ ያለው ቦታ ነው፤ ሁለተኛው የተሰጠበት ቀን ነው። በዓል ገብቶ የስድስተኛው ሳምንት ትምህርት በሰባተኛው ሳምንት ማካካሻ ሆኖ ቢሰጥ፣ የሳምንቱ መስክ «06» እንደሆነ ይቆያል፤ የተሰጠበት ቀን ግን በራሱ መስክ ይጻፋል። ተማሪው የሚፈልገው በዕቅዱ መሠረት ነውና። ቁጥሩን «6» ሳይሆን «06» ብሎ መጻፍም ምክንያት አለው። ኮምፒውተር ቁጥሮችን እንደ ፊደል ሲደረድር የሚያወዳድረው ከመጀመሪያው አኃዝ ጀምሮ ስለሆነ፣ «10» ከ«2» ቀድሞ ይሰለፋል። ዜሮዋ ስትጨመር ተራው ይስተካከላል።

ቀኑ በእኛ አገር ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «12/3/2017» የሚል ጽሑፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 2017 ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ላነበበው ግን መጋቢት 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ይሆናል። በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ። መፍትሔው ለኮምፒውተሩ `2024-11-21` የሚለውን፣ ለአንባቢው ደግሞ «ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.» የሚለውን በሁለት መስክ መጻፍ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በእኛ ጠዋት 3፡30 ያልነው በካሜራው መዝገብ 9፡30 ሆኖ ይገኛል። ከዚህም በላይ፣ ፋይሉ ወደ ሥርዓቱ የተጫነበት ቀን ትምህርቱ የተሰጠበት ቀን ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የአንድ ወሰነ ትምህርት ቅጂዎች በሙሉ በአንድ ቀን እንደተሰጡ ሆነው ካያችሁ፣ የተመዘገበው የጭነት ቀን ነው ማለት ነው።

ማጠቃለያው ምን ይላል?

ብዙ ማጠቃለያዎች እንዲህ ይነበባሉ፦ «በዚህ ትምህርት ስለ ኬፕለር ሕጎች በስፋት ተብራርቷል፤ ምሳሌዎችም ቀርበዋል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ርዕሱን ይደግማል እንጂ የሚጨምረው ነገር የለም። ተማሪው «ፕላኔት ለፀሐይ ሲቀርብ ለምን ይፈጥናል?» የሚል ጥያቄ ይዞ ቢመጣ፣ ከጥያቄው አንድም ቃል እዚህ አያገኝም። ሊፈለግ የሚችል ማጠቃለያ በክፍል ውስጥ የተነገረውን ቁም ነገር ራሱን፣ ከተነገረበት ደቂቃ ጋር ይጽፋል፦

- 04:10 ፕላኔት ፀሐይን የሚዞረው በክብ ሳይሆን በሞላላ (ኢሊፕስ) ምሕዋር ነው፤ ፀሐይ ከሞላላው ሁለት የትኩረት ነጥቦች በአንዱ ላይ ትገኛለች።
- 17:30 ፕላኔቱንና ፀሐይን የሚያገናኘው መሥመር በእኩል ጊዜ እኩል ስፋት ይጠርጋል፤ ስለዚህ ፕላኔት ለፀሐይ ሲቀርብ ይፈጥናል፣ ሲርቅ ይዘገያል።
- 31:45 የዙረት ጊዜ ስኩዌር ከአማካይ ርቀት ኩብ ጋር ይመጣጠናል። ጊዜው በዓመት፣ ርቀቱ በመሬትና በፀሐይ መካከል ባለው ርቀት ሲለካ `T² = a³` ይሆናል።
- 42:20 ምሳሌ፦ የማርስ ርቀት 1.524 ስለሆነ፣ የዙረት ጊዜዋ 1.88 ዓመት ገደማ ነው።

አራት ነጥቦች ለሃምሳ ደቂቃ በቂ ናቸው። ሃያ ነጥብ ብንጽፍ ተማሪው ማጠቃለያውን ራሱን መፈለግ ይኖርበታል። ደቂቃዎቹ የሚጻፉት ግን ቅጂው ተቆራርጦ ካለቀ በኋላ መሆን አለበት። ባለሙያው ከመጀመሪያው የአራት ደቂቃ ዝምታ ቢያስወግድ፣ አስቀድሞ የተጻፈው ደቂቃ ሁሉ በአራት ይዛነፋል። ይህን ለማወቅ የመጨረሻውን ነጥብ ከፍቶ ማዳመጥ ይበቃል፤ እርሱ ልክ ከሆነ የፊተኞቹም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው።

የአማርኛ ፍለጋ ፈተና

ማጠቃለያው በሚገባ ተጽፎ እያለ ፍለጋው ባዶ ሊመለስ ይችላል። ምክንያቱ ከፊደላችን ጋር የተያያዘ ነው። «ሥርዓተ ፀሐይ» የሚለውን ሐረግ ተመልከቱ። «ሥ» በ«ስ» ሊጻፍ ይችላል፤ ይህ ሁለት ምርጫ ነው። «ዓ» በ«ዐ»፣ በ«አ» ወይም በ«ኣ» ሊጻፍ ይችላል፤ ይህ አራት ነው። «ፀ» ወይም «ጸ» ሁለት፣ «ሐ» ደግሞ ከ«ሓ»፣ «ሀ»፣ «ሃ»፣ «ኀ»ና «ኃ» ጋር ስድስት ምርጫ አለው። ሲባዙ 96 ይሆናሉ። ሁሉም በተግባር አይገኙም፤ በድምፅ ግን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ደግሞ 96 የተለያዩ ሐረጎች ናቸው። በዩኒኮድ «ጸ» `U+1338`፣ «ፀ» `U+1340` የሚል የየራሳቸው ቁጥር አላቸውና «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ተማሪ «ፀሐይ»ን አያገኝም።

መፍትሔው ተማሪውን ስለ አጻጻፉ መውቀስ አይደለም፤ የመምህሩንም ጽሑፍ መለወጥ አይደለም። የሚታየው ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጣል። ከበስተጀርባ ባለው የፍለጋ ማውጫ ላይ ግን የሐ እና የኀ ቤቶች ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፤ «ሃ» ከ«ሀ»፣ «ኣ»ም ከ«አ» ጋር ይጠቃለላሉ። ተመሳሳዩ ለውጥ ተማሪው በሚጽፈው የፍለጋ ቃል ላይም ይደረጋል። በአንዱ ወገን ብቻ ከተደረገ ከቀድሞው የባሰ ይሆናል። ይህ አሠራር ወጪ አለው። በግእዝ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን፣ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ ማውጫው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ለሥነ ፈለክ ተማሪ አንድ ትርፍ ውጤት ማየት ቀላል ነው፤ ለግእዝና ለሥነ ጽሑፍ ኮርሶች ግን ፊደሉን እንዳለ የሚፈልግ ሁለተኛ አማራጭ መኖር አለበት።

ሁለተኛው ፈተና የቃላት ርባታ ነው። «የፀሐይ»፣ «ከፀሐይ»፣ «በፀሐይ» በሚሉት ውስጥ «ፀሐይ» ሳይነካ ስላለ፣ በቃል ውስጥ የሚፈልግ ሥርዓት ያገኘዋል። «ፕላኔት» ግን ሲበዛ «ፕላኔቶች» ይሆናል፤ «ት» ወደ «ቶ» ስለተለወጠች «ፕላኔት» የሚለው የፊደል ሰንሰለት በውስጡ የለም። «ሕግ» እና «ሕጎች»ም እንዲሁ ናቸው። እንግሊዝኛ በቃሉ መጨረሻ ፊደል ስለሚጨምር ይህ ችግር እምብዛም አይሰማውም፤ የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን በውስጡ ስለሚይዝ ራሱ ይለወጣል። የቃላትን ሥር የሚለይ ፕሮግራም ለሌለው ፋኩልቲ ቀላሉ መንገድ «ቁልፍ ቃላት» የሚል መስክ መጨመር ነው። እዚያ ቃላቱ በነጠላ ቁጥርና ያለ መስተዋድድ ይገባሉ፦ ፕላኔት፣ ሕግ፣ ምሕዋር፣ ኦርቢት፣ ሞላላ፣ ኢሊፕስ፣ ኤሊፕስ። ተማሪዎች በአፋቸው የለመዱት የባዕድ ቃልም ሆነ ሁለቱም አጻጻፉ እዚህ ቦታ አለው፤ መስኩ ለመገኘት እንጂ ለቋንቋ ውበት አልተሠራምና።

ማን ይጽፈዋል? እንዴትስ ይፈተናል?

ቀኑን፣ ርዝመቱንና የፋይሉን ስም ባለሙያው ይሞላል። ማጠቃለያውን መጻፍ ያለበት ግን መምህሩ ነው፤ ሌላ ሰው ሃምሳውን ደቂቃ ማዳመጥ ሲኖርበት፣ እርሱ በተሰጠበት ዕለት ከማስታወሻው አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ያዘጋጀዋል። ሳምንት ካለፈ መምህሩም እንደ ሌላው ሰው ቅጂውን ለማዳመጥ ይገደዳል።

ፈተናው ቀላል ነው። በዕለቱ ክፍል ያልነበረ አንድ ተማሪ ጋብዙ፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ሦስት ጥያቄ ስጡትና የመሰለውን ቃል ጽፎ እንዲፈልግ አድርጉ። ምን እንደሚጽፍ አትንገሩት፤ አታርሙትም። «ጸሀይ» ብሎ ጽፎ 17:30 ላይ ከደረሰ ሥራው ተሠርቷል። ባዶ ገጽ ከመጣለት የጻፈውን ቃል መዝግቡ። የፍለጋ ሥርዓቱም ውጤት ያላገኙ ቃላትን የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ያ ዝርዝር በየወሰነ ትምህርቱ ማብቂያ ይነበብ። እዚያ የሚገኙት ቃላት ተማሪዎቻችን በእርግጥ የሚጠቀሙባቸው ናቸው፤ ቦታቸውም የሚቀጥለው ዓመት የቁልፍ ቃላት መስክ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።