ገዢን የሚያስቆም የመጀመሪያ መስመር

«አስቸኳይ ሽያጭ!!! ምርጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ በጣም በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኝ። ዋጋ በውስጥ መስመር።»

ይህን ማስታወቂያ የጻፈችው ሰሚት ኮንዶሚኒየም የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ቤት ልትቀይር ነው፤ የምትገባበት ቤት ማሽን ስላለው የራሷን መሸጥ ፈለገች። አራት ፎቶ አንስታ በሁለት የቴሌግራም ግሩፖችና በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ለጠፈችው። ብዙ ሰው አየው፤ የደወለ ግን አልነበረም። በውስጥ መስመር የመጡት መልእክቶችም «ስንት ነው?» ከሚለው አላለፉም፤ ዋጋውን ስትነግራቸው አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ማሽኑ ግን ደህና ማሽን ነው፤ ዋጋውም የተጋነነ አልነበረም። የጎደለው ጽሑፉ ላይ ነው።

ገዢው ማስታወቂያውን የሚያየው ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ ነው። መጀመሪያ ዓይኑ ፎቶው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ዋጋው ላይ፣ ከዚያ ርዕሱ ላይ። ርዕሱም ቢሆን ሙሉውን አይታይም፤ ስልክ ላይ አንድ ወይም ሁለት መስመር ከታየ በኋላ ይቆረጣል። ቴሌግራም ደግሞ ርዕስ የሚባል ቦታ የለውም፤ ከፎቶው ሥር የሚጻፈው የመጀመሪያው መስመር ነው ርዕሱ። ስልኩ ላይ ብቅ በሚለው ማሳወቂያ የሚነበበውም የጽሑፉ መጀመሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፊት የሚቀመጡት አምስት ስድስት ቃላት የቀረውን ሁሉ ተሸክመው ይሄዳሉ።

በጎረቤቴ ማስታወቂያ ላይ ያንን ውድ ቦታ የያዙት «አስቸኳይ ሽያጭ» የሚሉት ቃላት ናቸው። እነዚህ የሚናገሩት ስለ ሻጯ እንጂ ስለ ማሽኑ አይደለም። ከላይም ከታችም ያለው ማስታወቂያ አስቸኳይ ነኝ ስለሚል ገዢው ሳያነባቸው ያልፋል። «ምርጥ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ዕቃውን «መካከለኛ» ብሎ የሚለጥፍ ሻጭ ስለሌለ ቃሉ አንዱን ማሽን ከሌላው አይለይም። የእሳት ምልክትና ሦስት ቃለ አጋኖ ደግሞ ቦታ ከመያዝ ሌላ ሥራ የላቸውም።

ታዲያ ከፊት ምን ይቀመጥ? እኔ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ገዢው «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብሎ የሚያልፈው በምን ምክንያት ነው? ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከሆነ መልሱ የታወቀ ነው። አንደኛው የማሽኑ ዓይነት ነው። ገበያው ላይ ሰሚ አውቶማቲክ የሚባለው ባለሁለት ገንዳ አለ፤ ውሃ በባልዲ ተሞልቶለት ይሠራል፣ ልብሱን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው የሚያዛውረው ግን ሰው ነው። ሙሉ አውቶማቲክ የሆነው ደግሞ ከላይ የሚከፈት ወይም ፊት ለፊት የሚከፈት ሆኖ ውሃውን ራሱ ከቧንቧ ይስባል። አንዱን የፈለገ ሰው ሌላውን በነፃ ቢሰጡትም ቤቱ ላይሆን ይችላል። ከዓይነቱ ቀጥሎ ስንት ኪሎ ልብስ እንደሚያጥብ፣ ስሪቱና የሚገኝበት ሰፈር ይመጣሉ። ሰፈሩ የሚናቅ አይደለም። ማሽን ከባድ ዕቃ ስለሆነ ጀሞ ያለ ገዢ ሰሚት ድረስ ለመምጣትም ለማጓጓዝም ማስላት አለበት።

በዚህ መሠረት ርዕሱ እንዲህ ሆነ፦

LG ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ 7 ኪሎ፣ ፊት ለፊት የሚከፈት፣ ሰሚት

እዚህ ላይ አንድ ፊደል እንደጠፋ አስተውሉ። «የልብስ» የነበረው «ልብስ» ሆኗል። ምክንያቱ ሰዋስው ሳይሆን ፍለጋ ነው። ገዢው መፈለጊያው ላይ «ልብስ ማጠቢያ» ብሎ ሲጽፍ ብዙ የፍለጋ ሥርዓቶች ቃሉን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው ነው የሚያዛምዱት፤ ቴሌግራምም እንዲሁ። በአማርኛ «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ «የልብስ» ለመፈለጊያው በ«የ» የሚጀምር ሌላ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ለሚሸጥ ሰው ይህ ችግር የለም፤ እኛ ግን በየቀኑ ሳናውቀው ዕቃችንን እንደብቅበታለን። ስለዚህ ዋናው የዕቃ ስም ቢያንስ አንድ ጊዜ ምንም ሳይጨመርበት ብቻውን ይጻፍ። የዘወትር ንግግራችንን የሚመስለው «የልብስ ማጠቢያ» ከሥር ባለው ማብራሪያ ውስጥ ራሱ ይመጣል።

ሁለተኛው ጣጣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ናቸው። «ዕቃ» እና «እቃ»፣ «ፀጉር» እና «ጸጉር» ለዓይናችን አንድ ናቸው፤ ለብዙ መፈለጊያዎች ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። የፀጉር ማሽን የሚሸጥ ሰው አንዱን አጻጻፍ ርዕሱ ላይ፣ ሌላውን ማብራሪያው ውስጥ ቢያስገባ ሁለቱንም ፈላጊዎች ያገኛል። ሦስተኛው ደግሞ ገዢው በላቲን ፊደል መጻፉ ነው። የማሽን ስሪት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «LG» ብሎ እንጂ «ኤልጂ» ብሎ አይጽፍም። «washing machine» ብሎ የሚፈልግም ብዙ ስለሆነ ከሥር አንድ ቦታ ላይ በዚያው አጻጻፍ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ይህን ሲሰሙ የሌላውንም ስሪት ስም የሚደረድሩ አሉ፤ ኤልጂ እየሸጡ «ሳምሰንግ፣ ቤኮ፣ ሂታቺ» ብለው ይጨምራሉ። ለርዕስ 80 ፊደልና ምልክት ብቻ የሚፈቅደው ኢቤይ ይህን በደንቡ ከልክሎታል። ደንብ በሌለበት ቦታም አያዋጣም። ሳምሰንግ ፈልጎ የመጣው ሰው ኤልጂ ሲያገኝ ማስታወቂያውን ዘግቶ ይሄዳል፤ ሻጩንም አያምነውም።

ርዕሱ ገዢውን ካስቆመው በኋላ ሥራው የመክፈቻዎቹ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ርዕሱን መልሶ በመጻፍ ነው፦ «ይህ 7 ኪሎ የሚያጥብ ኤልጂ ማሽን...»። ገዢው ይህን አውቆ ነው የከፈተው። አሁን የሚፈልገው ሥጋቱ እንዲመለስለት ነው፤ ሥጋቱ ምን እንደሆነ ደግሞ ስልኩ ራሱ ይናገራል። ከተስተካከለው ርዕስ በኋላ ለጎረቤቴ የደወለላት የመጀመሪያው ሰው እንዲህ ነበር ያለው፦

«እህቴ፣ ማሽኑ አለ?»

«አለ።»

«እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። በታንከር ይሠራል?»

ሁለተኛዋም ደዋይ ይህንኑ ጠየቀች። አዲስ አበባ ውስጥ ሙሉ አውቶማቲክ ማሽን የሚገዛ ሰው ዋና ጭንቀት ይሄ ነው፤ ጭንቀቱም ተገቢ ነው። ታንከሩ ከማሽኑ እኩል መሬት ላይ ከተቀመጠ የውሃው ግፊት ያንሳል፤ ማሽኑ ውሃው አልሞላ ሲለው ሥራውን ያቆማል። ኤልጂ ላይ ሰሌዳው «IE» የሚል ምልክት ያወጣል። ያንን ምልክት አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ ማሽን ሲገዛ ፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ታንከሩ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ወይም ትንሽ ፓምፕ ከገባለት ግን ችግሩ ይቃለላል። የጎረቤቴ ታንከር ከመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ሥር ከፍ ብሎ የተሰቀለ ስለሆነ ማሽኑ ሳይቆም ሲሠራላት ኖሯል። ገዢውን የሚያረጋጋው ይህ ሐቅ ማስታወቂያው ላይ አልነበረም።

የመክፈቻው መስመር እንዲህ ተስተካከለ፦

«ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ታንከር በሚወርድ ውሃ ሦስት ዓመት ሠርቷል። የሚሸጠው ቤት ስለምንቀይር ነው። ግራ ጎኑ ላይ ጭረት አለው፤ ፎቶ 3ን ይመልከቱ። መጥታችሁ ልብስ አስገብታችሁ ማስሞከር ትችላላችሁ። 38,000 ብር።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ ይዘጋል። ውሃው፤ ቀጥሎ «ደህና ከሆነ ለምን ይሸጡታል?» የሚለው ጥርጣሬ፤ ቀጥሎ ጉድለቱ። ጎረቤቴ ጭረቱን መጻፍ ከብዷት ነበር። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምከራከርለት መስመር እሱ ነው። ጭረቱን አንብቦ የመጣ ሰው በር ላይ ሲደርስ ዋጋ ማውረጃ አያደርገውም፤ ጭረት የማይፈልገውም ሰው ሰሚት ድረስ አይለፋም። በዚያ ላይ ጉድለቱን በገዛ እጇ የጻፈች ሻጭ «ሌላው ደህና ነው» ስትል ትታመናለች። «በጣም በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኝ» ከሚለው ይልቅ አንድ የታወቀ ጭረት የማሽኑን ደህንነት ይመሰክራል።

ዋጋውም ይጻፍ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ጠያቂ ያበዛ ይመስላል፤ የሚያበዛው ግን የማይገዛውን ነው። አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ይጠይቅና ይሄዳል፤ አቅሙ ያለው ደግሞ ዋጋው የተጻፈበትን ሌላ ማሽን ያያል። ድርድር ካለ «በድርድር» ማለት ይበቃል።

ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ቦታ ይበቃዋል፤ ቴሌግራም ከፎቶ ሥር እስከ 1,024 ፊደልና ምልክት ይፈቅዳል። የማሽኑ ልክ እዚያ ይገባል። አብዛኞቹ ፊት ለፊት የሚከፈቱ ማሽኖች ወርዳቸው 60፣ ቁመታቸው 85 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ገዢው የመታጠቢያ ቤቱን በር ለክቶ ይምጣ። ስንተኛ ፎቅ እንዳለና ሊፍት መኖር አለመኖሩ፣ ማሽኑ ሲጓጓዝ ከበሮውን የሚይዙት ብሎኖች መኖራቸውም እዚያው ይጻፋል።

ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ የታመመው የትኛው ክፍል እንደሆነ መለየት ይቻላል። ያየው ሰው ራሱ ጥቂት ከሆነ ችግሩ ርዕሱ ወይም የመጀመሪያው ፎቶ ነው፤ ወይ በፍለጋ አይገኝም፣ ወይ ዓይን አይይዝም። ብዙ ሰው ከፍቶት የሚደውል ከጠፋ መክፈቻውንና ዋጋውን ተመልከቱ። ደዋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቀ ያ ጥያቄ የጎደለው የመክፈቻ መስመር ነው፤ መልሱን በማግሥቱ ከፊት አምጡት። ሰዎች መጥተው አይተው ሳይገዙ ከተመለሱ ግን ጽሑፉና ዕቃው አልተገናኙም፤ አንዱ ከሌላው በልጧል ማለት ነው። ስታስተካክሉ ርዕሱን፣ ፎቶውንና ዋጋውን በአንድ ቀን አትቀይሩ፤ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም።

ዋጋው ከገበያው በላይ ከሆነ ምንም ርዕስ አያድነውም። ደብዛዛ ፎቶንም ጥሩ ጽሑፍ አይክሰውም፤ ፎቶው ቀድሞ ስለሚታይ ጽሑፉ ጋ የሚደርስ የለም። በጂጂና በመሳሰሉት ላይ ደግሞ ስሪትና ሁኔታ የሚሞላባቸው የተለዩ ቦታዎች ስላሉ እነሱን ባዶ ትቶ ሁሉን ነገር ርዕሱ ላይ ማጨቅ ገዢው ዝርዝሩን ሲያጣራ ከውጤቱ ያስወጣል።

ማሽኑ ሲሸጥ የመጀመሪያው መስመር እንደገና ይለወጣል፤ ከፊቱ «ተሽጧል» ይጨመርበታል። በራስ ቻናል ላይ ከሆነ ይህን በማንኛውም ጊዜ ማድረግ ይቻላል። በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ግን የራስን መልእክት ማስተካከል የሚፈቀደው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ማስታወቂያውን ማጥፋት ነው፤ አለበለዚያ ስልኩ ለሳምንታት መጮኹን አይተውም።