ዕቃው ይቀየራል፣ ጥላው ይቆያል
የምርት ፎቶ በነጭ መደብ ላይ ሲለወጥ ነጋዴው ማወቅ ያለበት

ካታሎግ ወይም ብሮሸር ያሳተመ ነጋዴ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ፎቶ የተነሣው ዕቃ ቀርቶ በምትኩ ሌላ ዕቃ ገበያ ላይ ይውላል። የድሮው ፎቶ ግን ብዙ ወጪ የወጣበት፣ መብራቱ የተስተካከለና ጥላው ያማረ ነው። በዚህ ጊዜ ነጋዴው ለግራፊክ ባለሙያው የሚሰጠው ትዕዛዝ አጭር ነው፤ «ዕቃውን ቀይርና ጥላውንና ነጸብራቁን እንዳለ ተወው» ይለዋል።

ትዕዛዙ ቀላል ቢመስልም በነጋዴውና በባለሙያው መካከል ጭቅጭቅ ከሚያስነሡት ሥራዎች አንዱ ነው። አንዱ «የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው» ሲል ሌላው የቀን ዋጋ ይጠይቃል። ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከዕቃው ቅርጽና ከፎቶው አነሣስ ነው።

ጥላና ነጸብራቅ አንድ አይደሉም

መጀመሪያ መለየት ያለበት ጉዳይ ይኸው ነው። ጥላ ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ነው። የዕቃውን ቅርጽ እንጂ ቀለሙንና ጽሑፉን አይዝም። ስለዚህ ቅርጹና መጠኑ አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ዕቃ በቦታው ቢገባ የድሮው ጥላ ያለምንም ችግር ያገለግለዋል።

ነጸብራቅ ግን ዕቃው በሚያብረቀርቅ ነጭ አክሪሊክ ወይም መስተዋት ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ተገልብጦ የሚታይ ምስሉ ነው። ቀለሙንም ጽሑፉንም ይዟል። የቀይ ዕቃ ነጸብራቅ ቀይ ስለሆነ በላዩ አረንጓዴ ዕቃ ቢቀመጥ ሐሰቱ ወዲያው ይጋለጣል። እንግዲህ «ነጸብራቁን እንዳለ ተወው» የሚለው ትዕዛዝ ቃል በቃል ሊፈጸም አይችልም። ከድሮው ነጸብራቅ የሚቀረው ጥንካሬውና እየደበዘዘ የሚሄድበት መጠን ነው። ምስሉ ራሱ ከአዲሱ ዕቃ ተወስዶ እንደገና መሠራት አለበት።

የሁለት ጣሳዎች ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ አከፋፋይ ባለ 400 ግራም የቲማቲም ድልህ ጣሳ ፎቶ አለው እንበል። ወረቀቱ ቀይ ነው፣ መብራቱ ከግራ መጥቷል፣ ጥላው ወደ ቀኝ ወድቋል፣ ከጣሳው ፊት ለፊት ደግሞ ቀላል ነጸብራቅ ይታያል። አሁን በዚሁ ጣሳ ፈንታ፣ ቁመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ፣ አረንጓዴ ወረቀት የተለጠፈበት የቦሎቄ ጣሳ እንዲገባ ይፈለጋል።

ሥራው የሚሠራው ፎቶሾፕ በተባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው 3.0 እትሙ ሥዕልን በተደራረቡ ንጣፎች መሥራት ፈቅዷል። የዛሬው ሥራም የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው። አራት ንጣፍ ያስፈልጋል። ከታች ንጹሕ ነጭ፣ በላዩ የአዲሱ ጣሳ ነጸብራቅ፣ በላዩ የድሮው ጥላ፣ ከሁሉም በላይ ተቆርጦ የወጣው አዲሱ ጣሳ ይቀመጣል።

ምስጢሩ ያለው በጥላው ንጣፍ ላይ ነው። ንጣፉ Multiply በተባለው ዘዴ እንዲደራረብ ይደረጋል። ኮምፒዩተር ብሩህነትን ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል፤ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። Multiply የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር አባዝቶ ለ255 ያካፍላል። ስለዚህ በጥላው ንጣፍ ላይ 255 የሆነው ነጭ ከታቹ ያለውን አይነካም፤ 204 የሆነው ጥላ ግን ከታቹ ያለውን ወደ 80 ከመቶ ያወርደዋል። ነጭ ላይ ሲያርፍ 204፣ 210 በሆነ ነጸብራቅ ላይ ሲያርፍ ደግሞ 168 ይሆናል። እውነተኛ ጥላም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ግዴታ አለ። የድሮው ፎቶ መደብ በትክክል 255 መሆን አለበት። ለዓይን ነጭ የሚመስለው መደብ 246 ሆኖ ከተገኘ ፎቶው በሙሉ እንደ ቀጭን ጭስ በሥዕሉ ላይ ይጋረዳል። በ Levels የነጩን መቆጣጠሪያ ወደ 246 ማምጣት ይህን ያጠራል። መደቡ በግራ 252፣ በቀኝ 238 ከሆነ ግን ሁሉንም ለማንጻት ወደ 238 መውረድ ስለሚያስፈልግ የጥላው ለስላሳ ጠርዝ አብሮ ይበላል። ጥላው በመቀስ የተቆረጠ የሚመስልባቸው ፎቶዎች አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ውጤት ናቸው።

ጥላውን ከቀዩ መለየት

በድሮው ፎቶ ላይ ጥላውና ቀዩ ነጸብራቅ በጣሳው ሥር ተደባልቀዋል። ጥላውን ብቻ ማስቀረት የሚቻለው በቀለም ልዩነታቸው ነው፤ ጥላው ግራጫ፣ ነጸብራቁ ቀይ ነው።

የኮምፒዩተር ሥዕል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሦስት መዝገብ አለው። የጣሳው ቀለም በቀዩ መዝገብ 200፣ በአረንጓዴው 30 ይነበባል እንበል። ነጸብራቁ የጣሳው 20 ከመቶ ያህል ጥንካሬ ካለው፣ በአረንጓዴው መዝገብ ወደ 210 ወርዶ በግልጽ ይታያል፤ በቀዩ መዝገብ ግን 244 ሆኖ ከነጭ ብዙም አይለይም። ግራጫው ጥላ በሦስቱም መዝገብ እኩል ነው። ስለዚህ የቀዩ መዝገብ ብቻ ተገልብጦ የጥላ ንጣፍ ይደረጋል፤ የቀረችው ቀላል ጥቁረት በብሩሽ ትጸዳለች። የጣሳው የብረት ጠርዝ ግራጫ ስለሆነ ነጸብራቁ በዚህ መንገድ አይጠፋም። ይሁን እንጂ አዲሱም ጣሳ ያንኑ ጠርዝ ስላለው ጉዳት የለውም።

ለአረንጓዴ ዕቃ የአረንጓዴው፣ ለሰማያዊ ዕቃ የሰማያዊው መዝገብ ይመረጣል። ዕቃው ጥቁር ወይም ግራጫ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ጥላው በእጅ እንደገና መሠራት አለበት። ዋጋው ከፍ የሚለው አንዱ እዚህ ላይ ነው።

ነጸብራቁ በስሌት

አዲሱን ነጸብራቅ ለመሥራት የአዲሱ ጣሳ ግልባጭ በ Flip Vertical ይገለበጥና ከሥሩ ይቀመጣል። ምን ያህል ይደብዝዝ የሚለውን ብዙዎች በግምት ይሠሩታል፤ ነገር ግን የድሮው ፎቶ ራሱ መልሱን ይዟል።

ጥላ በማያርፍበት በግራው በኩል፣ ከጣሳው ሥር ትንሽ ዝቅ ተብሎ በአረንጓዴው መዝገብ ነጸብራቁ ይለካል። 210 ከተነበበ ከነጭ በ45 ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ጣሳው ራሱ 30 ስለሆነ ከነጭ በ225 ዝቅ ይላል። 45 ለ225 ሲካፈል 20 ከመቶ ነው። ከዚያ 150 ነጥብ ዝቅ ብሎ እንደገና ሲለካ 237 ቢነበብ፣ 18 ለ225 ሲካፈል 8 ከመቶ ይሆናል። በ150 ነጥብ 12 ከመቶ ወድቋል፤ በዚሁ አካሄድ ከመጀመሪያው ቦታ 250 ነጥብ ላይ ይጠፋል ማለት ነው። ባለሙያው በዚሁ ልክ ከ20 ጀምሮ ወደ ዜሮ የሚወርድ መሸፈኛ በነጸብራቁ ላይ ይስላል። የድሮው ነጸብራቅ ጠርዙ የለሰለሰ ከነበረ አዲሱም በዚያው መጠን ይለሰልሳል።

የታችኛው ቅስት

ሥራው የሚከዳው አብዛኛውን ጊዜ በጣሳው ታች ነው። ካሜራው ከጣሳው ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚያይ የጣሳው የታች መስመር ወደ ታች የጎበጠ ቅስት ሆኖ ይታያል። ምስሉ ሲገለበጥ ቅስቱ ወደ ላይ ይጎብጣል። ሁለቱ መሃል ላይ ይነካካሉ፤ ግራና ቀኝ ላይ ግን ነጭ ክፍተት ይቀራል። ጣሳው በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። በ Warp የተገለበጠው ምስል ጫፎች ወደ ላይ ተስበው ከጣሳው መስመር ጋር እንዲገጥሙ መደረግ አለባቸው። ወደ ጎን ዞሮ ሁለት ፊቱ የሚታይ ካርቶን ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ፊት ለብቻው ተገልብጦ በራሱ አቅጣጫ ይዘመማል።

አዲሱ ጣሳ ከድሮው ጋር በአንድ ዓይነት ከፍታ መነሣቱም ይታያል። የጣሳው የላይኛው ክብ በፎቶ ላይ እንቁላል መሳይ ይሆናል። በድሮው ፎቶ ወርዱ 600፣ ቁመቱ 90 ነጥብ ከሆነ ካሜራው በ9 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነበር። በአዲሱ ቁመቱ 150 ከሆነ ከፍታው ወደ 14 ዲግሪ ተጠግቷል። እንዲህ ያለው ልዩነት በፕሮግራም አይስተካከልም፤ ጣሳው እንደገና ፎቶ መነሣት አለበት። መብራቱ ከቀኝ የመጣ ከሆነም እንዲሁ ነው። ፎቶውን ወደ ጎን መገልበጥ አይቻልም፤ ጽሑፉ ይገለበጣልና።

የድሮው ጥላ የማያገለግለው መቼ ነው?

አዲሱ ዕቃ በቁመት ትንሽ ብቻ ከተለየ ጥላው ከሥሩ ተይዞ ሊሳብ ወይም ሊያጥር ይችላል። ከክብ ጣሳ ወደ ባለ ማዕዘን ካርቶን ከተኬደ ግን ጥላው አይሆንም። በመስተዋት ጠርሙስ የታሸገ ማር ወይም ዘይትም እንዲሁ ነው፤ ብርሃን በውስጡ ስለሚያልፍ ጥላው ራሱ ቀለም አለው።

አዲሱ ዕቃ ከድሮው ካነሰ ሌላ ፈተና ይመጣል። የጥላውን ልክ ለመጠበቅ ሲባል ዕቃውን በፎቶው ላይ ማሳበጥ ይቀላል። ነገር ግን ባለ 250 ግራሙ ጣሳ ባለ 400 ግራሙን አክሎ በካታሎግ ከወጣ ጉዳዩ ከሥዕል ያልፋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ገዢውም ጣሳውን በእጁ ሲይዝ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ሥራውን መረከብ

ነጋዴው ሥራውን ሲረከብ ስክሪኑ ላይ አይቶ «ያምራል» ማለቱ ብቻ አይበቃም። ባለሙያው ከሁሉም በላይ ለጊዜው የ Levels ንጣፍ ጨምሮ የጥቁሩን መቆጣጠሪያ ወደ 235 እንዲያመጣ ይጠየቅ። ከ235 በታች ያለው ሁሉ ይጠቁራል፤ የድሮው ጣሳ የቀረ ጠርዝ፣ ያልተጠረገ ቀይ ነጸብራቅ፣ ወይም ነጭ ያልሆነ መደብ ካለ በግልጽ ይወጣል። ትክክለኛ ሥራ ላይ የሚታየው ጣሳው፣ አንድ ጥላና አንድ ነጸብራቅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፍተሻ ማተሚያ ቤት ነው። በስክሪን ላይ የሚታየው እጅግ ቀጭን ግራጫ በኅትመት ጊዜ ይጠፋል፤ ጥላው እየሳሳ መሄዱ ቀርቶ ድንገት የተቆረጠ ይሆናል። ስለዚህ በብዛት ከመታተሙ በፊት በዚያው ወረቀት ላይ አንድ ናሙና ማየት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ነጋዴው የሚረከበው JPEG ፋይሉን ብቻ መሆን የለበትም። ንጣፎቹ ያልተጨፈለቁበት የ PSD ፋይል ከተያዘ፣ በመጪው ዓመት ሦስተኛ ጣሳ ሲመጣ ጥላው ተለይቶ ስለሚገኝ የሚከፈለው ለአዲሱ ጣሳ ቆረጣና ለነጸብራቁ ብቻ ይሆናል። ፋይሉ ለማን እንደሚቀር ግን ከሥራው በፊት በውል መነጋገር ይገባል፤ ከሥራው በኋላ ሲጠየቅ ሌላ ዋጋ ያስጠራልና።