የሕፃኑ ክብደትና የመድኃኒቱ መጠን፤ በመካከላቸው ያለው ወረቀት

ትኩሳት ለያዘው አዋቂ ፓራሲታሞል ሲታዘዝ አንድ ወይም ሁለት ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን ይበቃል፤ ታማሚው 55 ኪሎ ይሁን 80 ኪሎ ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ አያሰላም። ለልጆች ግን እንዲህ ያለ አቋራጭ የለም። በአንድ የሕፃናት ክፍል ጎን ለጎን ከተኙት ሁለት ልጆች አንዱ 3 ኪሎ፣ ሌላው 30 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅና ለእያንዳንዱ መድኃኒት አንድ ሰው ማባዛትና ማካፈል አለበት። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ሌሊቱን በሥራ ያደረ ሐኪም ወይም ነርስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 ራይኑ ካውሻልና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። በሁለት ሆስፒታሎች ተኝተው የታከሙ ልጆችን ማዘዣዎች መርምረው ነበር። ጉዳት ሊያደርሱ ይችሉ የነበሩ የመድኃኒት ስህተቶች በአዋቂዎች ላይ ከታየው ሦስት እጥፍ ያህል ሆነው ተገኙ። ከስህተቶቹ ዓይነቶች ደግሞ በብዛት የታየው የመጠን ስህተት ነበር።

ስህተት ሲፈጠር መጀመሪያ የሚጠየቀው ያሰላው ሰው ነው። እኔ ግን ከሰውየው በፊት ያሰላበት ወረቀት መታየት አለበት ባይ ነኝ። በብዙ ቦታ የመጠን ማስያ ቅጹ ወደ ጎን የተዘረጋ ጠባብ ሠንጠረዥ ነው፦ የመድኃኒት ስም፣ ሚሊግራም በኪሎ፣ ስንት ጊዜ፣ ጠቅላላ። የልጁ ክብደት ከሠንጠረዡ ውጭ፣ ከካርድ ቁጥሩ አጠገብ፣ በገጹ ጥግ ይጻፋል፤ መቼ እንደተመዘነ የሚያሳይ ቦታ የለውም። ከሁሉም የሚያስፈራኝ «ጠቅላላ» የሚለው የመጨረሻ ዓምድ ነው። የምን ጠቅላላ? የአንድ ጊዜው ነው ወይስ የሙሉ ቀኑ? ወረቀቱ አይናገርም። የሚሞላው ሰው አንድ ነገር አስቦ ይጽፋል፤ መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው ሌላ ነገር አስቦ ያነባል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአሥራ አንድ ወር ሕፃን ናት፤ ክብደቷ 8.2 ኪሎ፤ በከባድ የሳንባ ምች ተይዛ ተኝታለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለሆስፒታሎች ያዘጋጀው የሕፃናት ሕክምና የኪስ መጽሐፍ ለእንዲህ ያለች ሕፃን አምፒሲሊንን ከጄንታሚሲን ጋር እንዲሰጥ ያዝዛል። የጄንታሚሲኑ መጠን ለአንድ ኪሎ 7.5 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው መድኃኒት ቀደም ባለው ልማድ በየስምንት ሰዓቱ፣ ለአንድ ኪሎ 2.5 ሚሊግራም እየሆነ በቀን ሦስት ጊዜ ይሰጥ ነበር። የሁለቱም የቀን ድምር እኩል ነው፤ አሰጣጣቸው ግን ይለያያል።

ደክሞት ያለው ሐኪም በድሮው ቅጽ ላይ «7.5» ብሎ ይጽፋል፤ በቀጣዩ ዓምድ ከቀድሞው ልማድ የቀረውን «3 ጊዜ» ያስገባል፤ 8.2ን በ7.5 አባዝቶ በ«ጠቅላላ» ሥር «61.5» ይሞላል። በእሱ ሐሳብ ይህ የቀኑ መጠን ነው፤ ለሦስት ይከፈላል። ነርሷ ግን 61.5 ሚሊግራም ሦስት ጊዜ ስጪ የተባለች ሆኖ ነው የሚነበባት። ሕፃኗ በ24 ሰዓት 184.5 ሚሊግራም ታገኛለች ማለት ነው፤ ሊደርሳት ከሚገባው ሦስት እጥፍ።

ይህ ስህተት የሚከፋው ስለማይታይ ነው። ጄንታሚሲን በብዛት የሚመጣው 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ሊትር በያዘ አምፑል ነው። 61.5 ሚሊግራም ማለት አንድ ሚሊ ሊትር ተኩል ያህል፣ ከአንድ አምፑል በታች ነው። ነርሷ ሲሪንጁን ስትሞላ ዐይኗን የሚያስቆም ነገር አታይም፤ እያንዳንዱ መርፌ በራሱ ትክክለኛ ይመስላል። ነጥቡ ተዛንፎ 615 ሚሊግራም ቢጻፍ ኖሮ ስምንት አምፑል መስበር ያስፈልጋት ስለነበር ያኔውኑ ትጠራጠር ነበር። ለሕፃን የሚሰጥ አንድ መርፌ ከአንድ ወይም ከሁለት አምፑል በላይ ከጠየቀ ቆም ማለት የቆየ ጥሩ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን አያድንም።

ጄንታሚሲን በቀን አንድ ጊዜ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ባክቴሪያውን የሚገድለው በደም ውስጥ በአንድ ጊዜ ከፍ ሲል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ሰዓት ለኩላሊት ማጽጃ ጊዜ ይሆናል። ሙሉው መጠን በየስምንት ሰዓቱ ከገባ ግን መድኃኒቱ ሳይወጣ ሌላው ይደረብበታል። የሚጎዱት ኩላሊትና የውስጥ ጆሮ ናቸው። ኩላሊት ብዙ ጊዜ ያገግማል፤ በዚህ መንገድ የጠፋ መስማት ግን አይመለስም። የአሥራ አንድ ወር ሕፃን ደግሞ ጆሮዋ ሲጮህባት ልትናገር አትችልም።

አዲሱ ቅጽ ይህንኑ ስሌት ከላይ ወደ ታች ይዘረጋዋል። በአንድ መስመር አንድ ሥራ ብቻ አለ፤ የመስመሩ መልስ በስተቀኝ ባለ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ከሳጥኑ የወጣ ቀስት ወደሚቀጥለው መስመር መነሻ ይመራዋል። ሚሊግራም፣ ኪሎ፣ ሚሊ ሊትር የሚሉት መለኪያዎች ቀድመው ታትመዋል፤ ሞይው የሚጽፈው ቁጥር ብቻ ነው። የሕፃኗ ቅጽ ሲሞላ እንዲህ ይሆናል፦

1. የዛሬ ክብደት፦ 8.2 ኪሎ (የተመዘነበት ቀንና ሰዓት)
2. መመሪያው ለአንድ ኪሎ፦ 7.5 ሚሊግራም፤ [ ] ለአንድ ጊዜ [✓] ለ24 ሰዓት
3. 8.2 × 7.5 = 61.5 ሚሊግራም
4. በ24 ሰዓት 1 ጊዜ፤ 61.5 ÷ 1 = 61.5 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ
5. አምፑሉ ላይ የተጻፈው፦ 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ሊትር፤ 80 ÷ 2 = 40 ሚሊግራም በ1 ሚሊ ሊትር
6. 61.5 ÷ 40 = 1.54፤ የሚሰጠው 1.5 ሚሊ ሊትር
7. ወደ ኋላ ማረጋገጫ፦ 1.5 × 40 × 1 ÷ 8.2 = 7.3 ሚሊግራም ለአንድ ኪሎ በ24 ሰዓት

ሁለተኛው መስመር የቅጹ ልብ ነው። ሐኪሙ ከሁለቱ ሳጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት ሳያደርግ ወደ ታች መውረድ አይችልም፤ «ለአንድ ጊዜ» ከሆነ አራተኛው መስመር ላይ የሚካፈል ነገር ስለሌለ ይሰረዛል፤ «ለ24 ሰዓት» ከሆነ ግን ማካፈሉ ግዴታ ነው። አሁን ያ የደከመ ሐኪም በአራተኛው መስመር የቀድሞውን «3» ቢጽፍ እንኳ 61.5 ለሦስት ተካፍሎ 20.5 ሚሊግራም ይወጣል። የድሮው አሰጣጥ ይሆናል እንጂ ሦስት እጥፍ አይሆንም። የቀረ ስህተት ካለም ሰባተኛው መስመር ከሲሪንጁ ተነስቶ ወደ ኋላ ይቆጥረዋል፦ 61.5 ሚሊግራም ሦስት ጊዜ ቢሆን 22.5 ይወጣል፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ካለው 7.5 ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ማንም ያየዋል።

ቁጥር የሚጠጋጋው ስድስተኛው መስመር ላይ ብቻ ነው። መሃል ላይ እየጠጋጉ መሄድ ትንንሽ ልዩነቶችን ያደራርባል፤ በመጨረሻ ግን ባለ 2 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በ0.1 የተከፋፈለ ስለሆነ 1.54ን መለካት አይቻልም፤ 1.5 ይሆናል። አንዳንድ ክፍሎች ከአራተኛው መስመር ቀጥሎ የመጨረሻ ጣሪያ የሚጻፍበት ቦታ ይጨምራሉ። ከበድ ላሉ ታዳጊዎች ይጠቅማል፦ 70 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም ቢሰላለት 1050 ይወጣል፤ ለአዋቂ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው እስከ 1000 ነው።

አምስተኛው መስመር በመመሪያ ሳይሆን በእጅ ባለው ዕቃ ላይ የተጻፈውን እንዲያነቡ ያስገድዳል። ምክንያቱን ከቤት ፓራሲታሞል ማየት ይቻላል። 8 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በኪሎ 15 ሚሊግራም ሲሰላ 120 ሚሊግራም ነው። 120 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ሊትር ከያዘው ሽሮፕ ይህ 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በጠብታ የሚሰጠው የሕፃናት ፓራሲታሞል ግን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም የያዘ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ «5 ሚሊ ሊትር» ብቻ ተጽፎ ወላጅ ጠብታውን ከገዛ፣ ልጁ በአንድ ጊዜ 500 ሚሊግራም ይጠጣል፤ በቀን አራቴ ከተደጋገመ ጉበቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ሚሊግራሙም ሚሊ ሊትሩም አብረው መጻፍ አለባቸው።

ከነጥብ በኋላ የምትቀር ዜሮም መሰረዝ አለባት። «5.0» ነጥቧ ከደበዘዘች 50 ትሆናለች፤ «.5» ደግሞ 5 ትሆናለች። ትክክለኛው አጻጻፍ 5 እና 0.5 ነው። ክብደት ላይ ግን ሚዛኑ የሰጠው 8.0 ስለሆነ ቅጹ ነጥቧን ራሱ አትሞ፣ ከነጥቧ በኋላ ያለውን ሳጥን በጥላ ይለየዋል።

ሁለተኛው ሰው የሚያረጋግጠው እንዴት እንደሆነም ቅጹ ይወስነዋል። የመጀመሪያውን መልስ እያዩ «አዎ፣ ልክ ነው» ብሎ መፈረም ማረጋገጥ አይደለም፤ ዐይን የተጻፈውን ቁጥር ይከተላል። ለዚህ የሁለተኛው ሰው ሳጥኖች በወረቀቱ ጀርባ ይደረጋሉ፤ እሷ ወይም እሱ ከክብደቱ ጀምረው ለብቻቸው ያሰላሉ። ሁለቱ መልሶች ካልተስማሙ ወደ አንደኛው መስመር ይመለሳሉ እንጂ በመሃል ያለውን አይመርጡም።

ቅጹ የማይችለው ነገር አለ። ክብደቱ ከእነ ብርድ ልብሱ የተመዘነ ከሆነ ሰባቱም መስመሮች ስህተቱን በንጽሕና ተሸክመው ይወርዳሉ። በተመጣጠነ ምግብ እጥረት ያበጠ ልጅ ክብደቱ ውስጥ ውሃ አለ። ኩላሊቱ የታመመ ልጅ፣ ገና በመጀመሪያ ሳምንቱ ያለ ጨቅላም የተለየ የጄንታሚሲን መጠን አላቸው። ልቡ ለቆመ ሕፃን ደግሞ ሰባት መስመር የሚሞላበት ጊዜ የለም፤ ለዚያ ቀድሞ የተሰላ የክብደት ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

ቅጹ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት መሞከሩም የግድ ነው። ለነርሶችና ለሐኪሞች በአሮጌውና በአዲሱ ቅጽ ላይ የተለያዩ ምሳሌ ሕፃናት ተሰጥተው ሲሞሉ፣ ከመልሶቻቸው ባሻገር እስክሪብቷቸው የት ላይ እንደሚቆም፣ የትኛውን ቁጥር ሰርዘው እንደሚጽፉ ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎች በአንድ መስመር ላይ ከቆሙ የሚስተካከለው መስመሩ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ከካርዶች ውስጥ የተሞሉ ቅጾችን አውጥቶ ማየትም ብዙ ይናገራል፦ ሁለተኛው መስመር ላይ ምልክት የሌለበት፣ የጀርባው ሳጥን በፊተኛው ሰው እጅ ጽሕፈት የተሞላ፣ የተመዘነበት ቀን ባዶ የሆነ። አዲሱ ቅጽ ግርጌው ላይ የታተመበት ቀን ይጻፍበታል፤ አሮጌዎቹም ከየመሳቢያው፣ ከተረኛ ክፍሉና ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ተሰብስበው ይወገዳሉ፤ አንድ ጥራዝ እንኳ ከቀረ ሌሊት ላይ መጀመሪያ እጅ የሚገባው እሱ ሊሆን ይችላል።