ከሙሉ ታንክ እስከ ሙሉ ታንክ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተሽከርካሪ ወርኃዊ ሪፖርት ሲዘጋጅ የወሩ የነዳጅ ደረሰኞች ይደመራሉ፤ ከወሩ መጨረሻ የኪሎ ሜትር ንባብ የመጀመሪያው ይቀነሳል፤ ከዚያም ብሩ ለኪሎ ሜትሩ ይካፈላል። ችግሩ ደረሰኙ የሚናገረው ስለተገዛው ነዳጅ እንጂ ስለተቃጠለው አለመሆኑ ነው። ወሩን በጎደለ ታንክ ጀምሮ በመጨረሻው ቀን 60 ሊትር የሞላ መኪና፣ ገና ያልተነዳበት ነዳጅ በወጪው ላይ ይደመርበታል። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ነዳጅ ሲጨርስ ደግሞ በድንገት ቆጣቢ ይሆናል። መኪናው አልተለወጠም፤ ሾፌሩ ግን በመጀመሪያው ወር ሪፖርት ምክንያት ስለ ጎደለ ነዳጅ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ በደል ነው፤ ሒሳቡን ከሥሩ ማስተካከል የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ስሌቱን ከወር መጀመሪያና መጨረሻ ይልቅ ታንኩ ከሞላባቸው ቀናት ጋር ማያያዝ ይሻላል። ዛሬ ሞልቼ፣ ነድቼ፣ እንደገና ብሞላ፣ በሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር በመካከሉ የተቃጠለው ነው። ለዚህም በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ የኪሎ ሜትር ንባቡ፣ ሊትሩ፣ የተከፈለው ብርና "ሞልቷል" ወይም "አልሞላም" የሚል ምልክት መስፈር አለበት። ብዙ መዝገቦች ላይ የሚጎድለው ይህ የመጨረሻው ምልክት ነው።

አንዲት የናፍጣ ፒካፕ እንውሰድ። ጥር 28 ቀን 60 ሊትር ቀድታ ታንኳ ሲሞላ ቆጣሪዋ 84,210 ያነባል። የካቲት 6 ቀን በ84,690 ላይ 52 ሊትር ገብቶ ሞላ። የካቲት 14 በ84,990 ላይ 30 ሊትር ብቻ ተቀዳ፤ አልሞላም። የካቲት 22 በ85,310 ላይ 38 ሊትር ገብቶ ሞላ። ለምሳሌ ያህል ሊትሩን 100 ብር እናድርገውና ከመጨረሻው ቅጂ በፊት ወደ 110 ከፍ ይበል።

የተነዳው 1,100 ኪሎ ሜትር፣ የተቃጠለው 120 ሊትር፣ የተከፈለው 12,380 ብር ነው። ስለዚህ በኪሎ ሜትር 11 ብር ከ25 ሳንቲም ወጥቷል፤ በአንድ ሊትርም 9.2 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቷል። የጥር 28ቱ 60 ሊትር አይቆጠርም፤ እሱ ከዚያ በፊት የተነዳውን የተካ ነው። የሚሳሳት ሰው እሱንም ደምሮ 16 ብር ከ71 ሳንቲም ያገኛል። የካቲት 14 ላይም ቆሞ ማካፈል አይገባም። ታንኩ ስላልሞላ የሚገኘው 10 ኪሎ ሜትር በሊትር የመኪናዋን ትክክለኛ ፍጆታ አያሳይም።

በኤክሴል ላይ የቆጣሪው ንባብ በC፣ ብሩ በE ዓምድ ከተጻፈና የጥር 28ቱ መስመር ሁለተኛው ረድፍ ከሆነ፣ ስሌቱ ይህ ነው፦

```
=SUM(E3:E5)/(C5-C2)
```

ብሩንና ሊትሩን ጎን ለጎን ማሳየት ግዴታ ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የብሩ ቁጥር ለሁሉም መኪና ይጨምራል፤ ሊትሩ ሲጨምር ግን የዚያን መኪና ጉዳይ ማየት ያስፈልጋል።

ትልቁ የስህተት ምንጭ የመረጃው አመዘጋገብ ነው። የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝ ላይ የሚታተመው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን የጉዞ መዝገቡ በእኛ ይጻፋል። የካቲት 22 የተቀዳው ደረሰኝ 01/03 ይላል፤ መዝጋቢው ወሩን ብቻ አይቶ ወደ መጋቢት ካስገባው 38 ሊትሩ ከቦታው ይጠፋል። ደረሰኝን ከመዝገብ ጋር ማገናኘት ያለብን በሰሌዳና በኪሎ ሜትር ንባብ ጭምር ነው። ከቀደመው ያነሰ ንባብ ወይም ከታንኩ መጠን የበለጠ ሊትር ከታየ ስሌቱ ይቁም። 80 ሊትር በሚይዝ ታንክ ላይ 95 ሊትር የሚል ደረሰኝ ምናልባት ለጄኔሬተር በጄሪካን የተቀዳ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ በራሱ መስመር ይጻፍ።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖም መኪናው ብዙ ነዳጅ ቢፈጅ፣ ቀድሞ የሚጠየቀው የት እንደ ዋለ ነው። ሞተር ሳያጠፋ በከተማ ሲጠብቅ የዋለና በአስፋልት ረጅም መንገድ የሄደ እኩል አይፈጁም። በእኔ እምነት መኪና መወዳደር ያለበት በተመሳሳይ ሥራ ላይ ከነበረበት ከራሱ ያለፈ ቁጥር ጋር ነው።

የሁሉም መኪኖች አማካይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሌላ አሮጌ መኪና በ200 ኪሎ ሜትር 3,600 ብር ቢፈጅ ወጪው በኪሎ ሜትር 18 ብር ነው። 11.25ንና 18ን ደምሮ ለሁለት ማካፈል 14 ብር ከ63 ሳንቲም ያህል ይሰጣል። ጠቅላላው 15,980 ብር ለ1,300 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ግን 12 ብር ከ29 ሳንቲም ይሆናል። በሪፖርቱ መግባት ያለበት ይህ ሁለተኛው ነው፤ ርዕሱም "የነዳጅ ወጪ በኪሎ ሜትር" ይባል፤ ጎማ፣ ጥገናና ኢንሹራንስ አልተካተቱበትምና።