ቃሉ የት ጀምሮ የት ያልቃል?

አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው በአስተማሪነት ወይም በጤና ባለሙያነት አርሲ ውስጥ ጮሌ ተመድቦ፣ በገበያ ቀን ሻጭና ገዢ በኦሮምኛ ሲደራደሩ ቢያዳምጥ፣ በመጀመሪያ የሚቸግረው የቃላቱ ትርጉም አይደለም። ትርጉም የሚጠየቀው ቃሉ ተለይቶ ሲታወቅ ነው። እሱ ግን «ይሄ ምን ማለት ነው?» ለማለት እንኳ የሚይዘው ጫፍ የለውም፤ ጆሮው ውስጥ የሚገባው መቋረጫ የሌለው አንድ ረጅም ድምፅ ነው። ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት «ሲያወሩ ይፈጥናሉ» የሚል ነው። ነገር ግን አማርኛ የሚጀምረው የኦሮምኛ ተናጋሪም ስለ አማርኛ ይኸንኑ ይላል። በሰከንድ የሚነገሩት ቀለማት ቁጥር (ቀለም ስል ሰዋስው እንደሚለው አንድ አናባቢ የያዘውን የድምፅ ክፍል ማለቴ ነው) ከቋንቋ ቋንቋ እንደሚለያይ እውነት ነው። በ2019 የወጣ 17 ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት ግን ቀለማቱ የሚፈጥኑበት ቋንቋ በእያንዳንዱ ቀለም የሚያስተላልፈው መረጃ አነስ ያለ መሆኑን፣ በጠቅላላው ሲታይም ቋንቋዎቹ በሰከንድ 39 ቢት አካባቢ እንደሚቀራረቡ አሳይቷል። ደግሞም ፍጥነት ብቻውን መልስ ቢሆን ኖሮ፣ የገዛ ቋንቋችንን አፈ ፈጣን ሰው ሲናገረው ቃላቱ ሊቀላቀሉብን ይገባ ነበር። እምብዛም አይቀላቀሉብንም።

ትክክለኛው መልስ ትንሽ ያስደነግጣል፤ በማንኛውም ቋንቋ ቢሆን በቃላት መካከል የሚሰማ ክፍተት እንደ ደንብ የለም። ክፍተት አለ ብለን እንድናምን ያደረገን ጽሕፈት ነው። ብራናው ላይ ሁለት ነጥብ፣ ዛሬ ደግሞ ባዶ ቦታ ቃልን ከቃል ይለያል፤ ፊደል የቆጠረ ሰውም ንግግርን በዚያው መልክ ያስበዋል። ድምፅ ቀርጾ ሞገዱን በኮምፒውተር ላይ የተመለከተ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። «ተጠቀመ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ «ቀ» ስለሚጠብቅ ምላስ ከላንቃ ጋር ገጥማ ድምፁን ሙሉ በሙሉ የምትዘጋበት ጊዜ የሰከንድ አንድ አስረኛ ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ሞገዱም እዚያ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ይሆናል። «ምን አለ» ስንል ግን ሁለት ቃል ሆኖ ሳለ «ምናለ» ሆኖ ይወጣል፤ በመካከሉ ዝምታ የሚባል ነገር የለም። ዝምታን እየተከተለ የሚቆርጥ መሣሪያ ቢኖር «ተጠቀመ»ን ለሁለት ይሰነጥቀውና «ምን አለ»ን አንድ ቃል ያደርገዋል። ተናጋሪ ትንፋሽ የሚወስደው ሐረግ ወይም ዓረፍተ ነገር ሲዘጋ ነው። ያ እረፍት ለጀማሪ ይጠቅመዋል፤ በሁለት እረፍቶች መካከል ያሉትን አምስት ስድስት ቃላት ግን አይለይለትም።

በገዛ ቋንቋችን ወሰኑን የምናስቀምጠው እኛው መሆናችንን የሚያሳብቅብን ወሰኑ ሁለት ቦታ ሊያርፍ ሲችል ነው። ቅኔ አዋቂዎች በዚህ ሲጫወቱበት የኖሩ ናቸው። «የመንገደኛ ነው» የሚለውን ድምፅ ምንም ሳንነካው «የመን ገደኛ ነው» ብለን ልንሰማው እንችላለን፤ በአንደኛው ዕቃው የተጓዥ ነው፣ በሁለተኛው ዕድል የቀናው የቀይ ባሕር ማዶ አገር ነው። አፍ የሚያወጣው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ የሚቆርጠው ሰሚው ነው። አውቶቡስ ተራ ላይ የተሰማ እንደሆነ የመንን የሚያስብ አይኖርም።

እንግዲህ ክፍተት ከሌለ፣ የቃላት እውቀትም ገና ከሌለ፣ ጀማሪ ከምን ይጀምራል? ጥያቄው ለሕፃን ይበልጥ ይከብዳል፤ ሕፃን «ለካ ቃል የሚባል ነገር አለ» የሚል የቀደመ እውቀት እንኳ የለውም። በ1996 ጄኒ ሳፍራን፣ ሪቻርድ አስሊንና ኤሊሳ ኒውፖርት በአሜሪካ ያደረጉት ሙከራ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። የስምንት ወር ሕፃናትን ትርጉም የሌላቸው፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ቀለም ያላቸው አራት ፈጠራ ቃላት አሰሟቸው፤ «ቱፒሮ»፣ «ጎላቡ»፣ «ቢዳኩ»፣ «ፓዶቲ»። ድምፁን ያወጣው ማሽን ነው፤ እረፍት የለው፣ ጫና የለው፣ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የለው። ቃላቱ ቦታ እየተለዋወጡ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈሰሱ። በዚያ ጅረት ውስጥ «ቱ»ን ሁልጊዜ «ፒ» ይከተላታል፤ ከ«ሮ» በኋላ ግን ከሦስቱ የቀሩት ቃላት የአንዱ መጀመሪያ ሊመጣ ስለሚችል የሚቀጥለውን የመገመት ዕድል ከሦስት አንድ ነው። ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ ሕፃናቱ ሙሉውን ቃልና ከሁለት ቃላት ጫፍና ጫፍ የተገጣጠመውን ቁራጭ ለይተው አዳመጡ፤ እንግዳ የሆነባቸውን ቁራጭ ረዘም ላለ ጊዜ ሰሙት። ቀጣዩ ድምፅ በቀላሉ የማይገመትበት ቦታ ላይ ወሰን አስቀምጠዋል ማለት ነው።

ተቃውሞ መነሳቱ አልቀረም፤ ተገቢም ነው። የሰው ቋንቋ እኩል ርዝመት ባላቸው አራት ቃላት አይነገርም። ኤሊዛቤት ጆንሰንና ማይክል ታይለር በ2010 ባሳተሙት ጥናት የሁለት ቀለምና የሦስት ቀለም ቃላትን አደባልቀው ሲያሰሙ ሕፃናቱ ወሰኑን ማግኘት አቃታቸው። ከዚህ ተነስቶ የዕድል ስሌቱን ነገር ከነአካቴው መጣል ግን ችኮላ ይመስለኛል። የሚያሳየው ስሌት ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ምን እንደሚጎድለው ደግሞ የጮሌን ገበያ በቅርብ በማዳመጥ ማየት ይቻላል።

ገዢ በግ እያሳየ «ሆላንኩንሜቃ» ይላል። ገብስ ላይ ደርሶ «ገርቡንኩንሜቃ»፣ ስንዴ ላይ ደርሶ «ቀመዲንኩንሜቃ»። (በፊደላችን ስጽፋቸው የአናባቢዎቹ ርዝመትና ማጠር አይታይም፤ ቁቤ ፊደሉን በመደገም ያሳየዋል።) ሦስቱን የሰማ ጆሮ ትርጉሙን ሳያውቅ አንድ ነገር ያስተውላል፤ መጀመሪያው ይለዋወጣል፣ «ኩንሜቃ» ግን አይነካም። በሳፍራን ስሌት ከሄድን ከ«ኩን» በኋላ «ሜቃ» ሁልጊዜ ስለሚመጣ ጀማሪው «ኩንሜቃ»ን አንድ ቃል ብሎ ይይዘዋል። ስሕተቱ ምክንያታዊ ነው፤ ስሌቱ በትክክል ሠርቶ የተሳሳተ ውጤት አወጣ። የሚያርመው ሌላ ማስረጃ ነው። ገበያ ውስጥ «ሜቃ?» ለብቻው ተነጥሎ ይነገራል፤ «ስንት?» እንደምንለው። አንድ ጊዜ ብቻውን ከተሰማ ከኋላ የተጣበቀበት ሁሉ ይቆረጥና «ኩን» ይተርፋል። ቀጥሎ ሕፃን ዕቃ እየጠቆመ «ኩን ማሊ?» ሲል (ይሄ ምንድን ነው?) «ኩን» በሌላ ቦታም ተገኘ፤ ወሰኑ ጸና። ተነጥሎ የሚነገር ቃል ብዙ ላይሆን ይችላል። ከሕፃናት ጋር የሚያወሩ እናቶችን የቀረጹት ማይክል ብሬንትና ጄፍሪ ሲስኪንድ በ2001 እንደዘገቡት ከእናቶቹ አነጋገሮች ባለ አንድ ቃል የሆኑት 9 በመቶ ገደማ ናቸው። ግን ጥቂቱ ይበቃል፣ ምክንያቱም የታወቀ ቃል ጎረቤቱን ይገልጣል። በ2005 የታተመ የሄዘር ቦርትፌልድና የባልደረቦቿ ሥራ እንዳሳየው የስድስት ወር ሕፃናት ስማቸውን ወይም «እማማ»ን ተከትሎ የመጣውን አዲስ ቃል ለይተው ያውቃሉ፤ የማያውቁት ስም ሲቀድመው ግን አያውቁትም።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ብልጫ ያለው ይመስላል፤ «ቡና» በሁለቱም ቋንቋ አለና። ይሁን እንጂ ቡናው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆን «ቡኒ ኩን ሜቃ» ይባላል፣ «ኒ»ን አጥብቆ። የአማርኛ ጆሮ ቡና ሳይሆን የቡኒ ቀለም የተጠራ ይመስለዋል። የቀሩት ሦስቱም ላይ ችግሩ ይኸው ነው፤ በጉ «ሆላ»፣ ገብሱ «ገርቡ»፣ ስንዴው «ቀመዲ» ሲሆን መጨረሻ ላይ የተሰማችው «ን» ባለቤትነትን የምታመለክት ቅጥያ ናት። ጀማሪው «ሆላን»ን እንደ አንድ ወጥ ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንደሚመስለኝ ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ በተለይ የሚከብደው አማርኛ ብዙ የሰዋስው ምልክቶቹን በቃሉ ፊት ስለሚያስቀምጥ ነው፤ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» እያለ። ኦሮምኛ ከኋላ ይቀጥላል፣ እኛ ደግሞ መግቢያውን ስንጠብቅ መውጫው ያመልጠናል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም የየራሳቸው ልማድ አላቸው፤ አን ከትለርና ዴኒስ ኖሪስ በ1988 እንዳሳዩት ጠንክሮ የሚነገር ቀለም ሲሰሙ አዲስ ቃል የተጀመረ አድርገው ይወስዱታል፣ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ውስጥ አብዛኛው ጊዜ እውነት ነው። ጫናው እንዲህ ጎልቶ በማይሰማበት አማርኛ ላይ ያ ልማድ የሚይዘው የለውም።

ስለዚህ «መጀመሪያ ቃላት ሸምድድ፣ መለየቱ በኋላ ይመጣል» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። የታወቀ ቃል ቢላ ነው፤ ግን ከወረቀት የተሸመደደው «ሆላ» በአየር ላይ «ሆላን» ሆኖ ሲመጣ ቢላው ይዶለድማል። ሌላው ግማሽ፣ ሳይገባንም መስማት ይሠራል። በ2010 የታተመ የማሪያን ጉልበርግና የባልደረቦቿ ጥናት ማንዳሪን ቻይንኛ ፈጽሞ የማያውቁ የኔዘርላንድ ጎልማሶች የሰባት ደቂቃ የአየር ሁኔታ ዘገባ ብቻ ተመልክተው፣ በዘገባው ውስጥ የተደጋገሙትን ቃላት ድምፅ መለየት እንደጀመሩ አሳይቷል፤ ማንም ሳያስተምራቸው። ትርጉም ያገኙት ጥቂት ነው። ወሰን የማግኘት ችሎታ በሕፃንነት የሚዘጋ በር አለመሆኑ ግን ከዚህ ይታያል። ልዩነቱ ሕፃን የሚሽረው የቀደመ ልማድ የሌለው መሆኑ ነው።

ነገሩ መያዝ መጀመሩ የሚታወቅበት ምልክትም አለ፤ ሰውዬው ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል ነጥሎ መድገም ሲችል ነው። «ቅድም ‹ቀመዲ› ሲሉ ሰማሁ፣ ምንድን ነው?» ያለ ሰው ስንዴን ገና አያውቃትም፤ ቃሉ የት እንደጀመረ፣ የቷም «ን» ትርፍ እንደሆነች ግን አውቋል። ከዚያ የሚቀሩት እንደ «ቡነን ዹጋ» ያሉት ናቸው፤ «ቡና እጠጣለሁ» ሲል «እኔ»ን የምታመለክተው «ን» ከግሡ ጋር ሳትሆን ከሚጠጣው ቡና ጋር ተለጥፋ ትነገራለች። ይህቺኛዋ «ን» እና የገበያዋ «ን» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ከኋላ የሚመጣው ግሥ ነው።