የ«ማክቤዝ»ን ገጾች የለቀሙ ሁለት እጆች

በእንግሊዝ አገር በ1623 (እ.ኤ.አ.) ዊልያም ጃጋርድና ልጁ አይዛክ የለንደን ማተሚያ ቤታቸው ውስጥ የዊልያም ሼክስፒርን 36 ተውኔቶች በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ከተውኔቶቹ ግማሽ ያህሉ ከዚያ በፊት ማተሚያ ቤት ገብተው አያውቁም። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ የደረሰው «ማክቤዝ» አንዱ ነው። ደራሲው በእጁ የጻፈው ቅጂ አልተገኘም። ስለዚህ ተውኔቱን የሚያሳትምም የሚያጠናም ሰው የግድ ወደነዚያ ገጾች ይመለሳል።

ገጾቹን ዛሬ የሚከፍት ሰው፣ እንግሊዝኛን አቀላጥፎ ቢያነብ እንኳ፣ መጀመሪያ ላይ መደናገሩ አይቀርም። «ኤስ» የተባለው ፊደል በቃል መነሻና መሐል ላይ ሲመጣ ቅርጹ ረጅም ነው (ſ)፤ ከ«ኤፍ» የሚለየው አግዳሚ ሰረዙ ወደ ቀኝ አለመሻገሩ ብቻ ነው። «ዩ» እና «ቪ»ም የሚለዩት በድምፅ ሳይሆን በቦታ ነው፤ ቃሉ ሲጀምር «ቪ»፣ መሐል ላይ «ዩ» ይቆማል። ጥምር ፊደላትም አሉ። የረጅሙ ኤስ አናት ወደ ቀኝ አጎንብሶ ከእርሳሱ አካል ስለሚወጣ፣ አጠገቡ ቁመታም ፊደል ከቆመ ተጋጭቶ ይሰበራል። ፊደል የሚያፈሱት ባለሙያዎች መላ የዘየዱት ሁለቱን ፊደላት በአንድ የእርሳስ ቁራጭ ላይ አጣብቀው በመቅረጽ ነበር።

እንዲህ ያለውን ገጽ መገልበጥ የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ዘመናዊ ቅጂ ነው፤ ፊደሉም አጻጻፉም ሥርዓተ ነጥቡም ዛሬ እንደሚጻፈው ይስተካከላል። ሌላው ባለሙያዎች «ዲፕሎማቲክ» የሚሉት ነው፤ ገጹ ላይ ያለው ሁሉ፣ ስሕተቱ ሳይቀር፣ የመስመሩ መስበሪያም ሳይለወጥ፣ እንዳለ ይገለበጣል። ተማሪና ተዋናይ የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ነው፤ ትክክልም ናቸው። ሁለተኛው ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ራሱ «ማክቤዝ» ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

በ1920 ቶማስ ሳቼል የተባለ ሰው በለንደኑ «ታይምስ» የሥነ ጽሑፍ ተጨማሪ እትም ላይ አንድ ግኝት አስነበበ። ሳቼል የተከታተለው ማንም ልብ የማይላቸውን ተራ ቃላት ነበር፤ «ማድረግ»፣ «መሄድ»፣ «እዚህ» የሚል ፍቺ ያላቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት። በተውኔቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሁለቱ ግሦች መጨረሻቸው ላይ አንድ የማትነበብ «ኢ» ይጨመርባቸዋል፤ «እዚህ» ደግሞ አጠር ብሎ ይጻፋል። ወደ ሁለተኛው አጋማሽ ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ግሦቹ ያጥራሉ፣ «እዚህ» ይረዝማል። አንድ ደራሲ በተውኔቱ መሐል ላይ የአጻጻፍ ልማዱን እንዲህ አይቀይርም። ልማዱ የፊደል ለቃሚዎች ነው፤ ገጾቹን የለቀሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ስማቸው ስለማይታወቅ አጥኚዎች «ኤ» እና «ቢ» እያሉ ይጠሯቸዋል።

ሳቼል በእጁ የነበረው በዘመናዊ አጻጻፍ የተስተካከለ ቅጂ ቢሆን ኖሮ ይህን ማየት ባልቻለ ነበር፤ በዚያ ቅጂ ሦስቱም ቃላት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ናቸውና።

የመስመር መስበሪያን የመጠበቁ ጉዳይ ለብዙ ሰው ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ይመስለዋል። ፊደል ለቃሚ ግን መስመሩን ከዳር እስከ ዳር መሙላት አለበት። ስድ ንባብ ሲለቅም ቦታ ከተረፈው «ኢ» ይጨምራል፣ ከጠበበው ይቀንሳል፤ ሲብስበትም አንዱን ፊደል ትቶ ከአናባቢው በላይ ጭረት ያደርጋል። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ የተገኘ አጻጻፍ የሰውየውን ልማድ ሳይሆን የቦታውን ጥበት ይናገር ይሆናል። ስለዚህ ጠንቃቃ አጥኚ የበለጠ የሚያምነው አጭር የግጥም ስንኝን ነው፤ በስተቀኙ ባዶ ቦታ ስላለ ለቃሚውን ያስገደደው ነገር የለም። መስመሮቹን አቀጣጥሎ የገለበጠ ሰው ይህን መለየት የሚቻልበትን ብቸኛ ምልክት አጥፍቷል።

ማን የትኛውን ገጽ እንደለቀመ ማወቅ ምን ይጠቅማል? «ቢ» ቀደም ሲል ታትመው ከነበሩ ተውኔቶች የለቀማቸው ገጾች አሉ፤ ከምንጫቸው ጋር ጎን ለጎን ሲነበቡ ቃል የመጣልና በሌላ የመተካት ልማድ እንዳለው ይታያል። እንግዲህ አንድ አርታኢ «ማክቤዝ» ውስጥ የሚያጠራጥር ቃል ሲገጥመው መጀመሪያ የሚጠይቀው ገጹ የማን እንደሆነ ነው። ቻርልተን ሂንማን በ1963 ባሳተመው ሰፊ ጥናት ከአጻጻፍ አልፎ የተሰነጠቁና የተጎዱ የእርሳስ ፊደላትን ከገጽ ገጽ ተከታትሎ፣ ሥራው በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በምን ቅደም ተከተል እንደተከናወነ አሳይቷል።

ዘመናዊ ቅጂ የሚጥለው ማስረጃን ብቻ አይደለም፤ ፍርድም ይሰጣል። ለማክቤዝ ትንቢት የሚናገሩት ሦስት ሴቶች በ1623ቱ እትም «ዌይዋርድ» ወይም «ዌያርድ» ተብለው ተጠርተዋል። ቃሉ ሲነበብ እምቢተኛና አስቸጋሪ የሚል ስሜት ይሰጣል። ሉዊስ ቲዮባልድ በ1733 እትሙ «ዊርድ» ብሎ አረመው፤ በጥንቱ ፍቺው ከዕድል ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ የሼክስፒር ምንጭ የሆነው የሆሊንሼድ ታሪክም እንዲሁ ይላቸዋል። እርማቱ አሳማኝ ነው፤ ዛሬም አብዛኛው እትም የሚከተለው እሱን ነው። ቢሆንም የቲዮባልድ ውሳኔ ነው። ገጹ ላይ ምን እንደነበረ የማያውቅ አንባቢ ውሳኔ እንደተወሰነለት እንኳ አያውቅም።

የግዕዝ ሕትመትም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ተስፋ ጽዮን በ1548 ሮም ላይ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሲያሳትም፣ አታሚዎቹ ቋንቋውን እንደማያነቡ ራሱ ገልጾ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ጠይቋል። ከዚያ መጽሐፍ ሲገለበጥ የ«ሠ»ንና የ«ሰ»ን፣ የ«ሐ»ንና የ«ኀ»ን ልዩነት ማስተካከል ቀላል ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ከመነሻው የእጅ ጽሑፍ የመጣው አጻጻፍና ንባቡን በማያውቅ እጅ የተዛባው ምናልባት ጨርሶ አይለዩም።

ዛሬ ሁለቱን ቅጂዎች በአንድ ፋይል አብሮ ማኖር ይቻላል። ምሁራን በሚጠቀሙበት TEI በተባለው የጽሑፍ ምልክት አሰጣጥ ከሳቼል ቃላት አንዱ እንዲህ ይገባል፦

```
<choice><orig>doe</orig><reg>do</reg></choice>
```

የመጀመሪያው ገጹ ላይ የታተመው ነው፣ ሁለተኛው የዛሬው አጻጻፍ፤ አንባቢው የፈለገውን መርጦ ያያል። ረጅሙ ኤስም በዩኒኮድ U+017F የሚል የራሱ ቁጥር አለው። ማሽን የድሮ ገጽ ሲያነብ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ረጅሙን ኤስ እንደ ኤፍ ቆጥሮ «ቤስት» የሚለውን ቃል «ቤፍት» ያደርገዋል። እንዲህ ያሉ ትርጉም የለሽ ቃላት የበዙበት ቅጂ ሰው ሳያየው እንዳለፈ ወዲያው ይታወቃል።

ጥምር ፊደላት ላይ ግን ዲፕሎማቲክ ቅጂም ወሰን አለው። ለአንዳንዶቹ የዩኒኮድ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ለምሳሌ U+FB05 ረጅሙን ኤስና «ቲ»ን አጣምሮ ይይዛል። በዚህ ቁጥር የተጻፈን ቃል ግን አንዳንድ የመፈለጊያ ፕሮግራሞች ፊደላቱ ለየብቻ ሲተየቡላቸው አያገኙትም። ስለዚህ ብዙ ገልባጮች ረጅሙን ኤስ ጠብቀው ጥምሩን ለሁለት ፈትተው ይጽፋሉ፣ እንዲህ ማድረጋቸውንም በቅጂው መግቢያ ላይ ያስታውቃሉ። የጥምሩን ቅርጽ ራሱን ማጥናት ለሚፈልግ ደግሞ የገጹን ፎቶግራፍ ከጽሑፉ ጎን ያስቀምጡለታል።