ሁለቱን በአንድ የያዘችው የግፊት ኪኒን

ቦንጋ ውስጥ የደም ግፊት ክትትል ያለው ሰው፣ ሐኪሙ «ከአሁን ወዲያ ሁለት መድኃኒት በአንድ የያዘ ኪኒን ነው የማዝልዎት» ሲለው ፊቱ ይለወጣል። «ብሶብኛል ማለት ነው» ብሎ ያስባል። መድኃኒቱ ከበድ ያለ፣ ሰውነት የሚጎዳ፣ ለመጨረሻ የሚቀመጥ ይመስለዋል። ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሜ ይህን ጥያቄ ስሰማ ብዙ ዘመኔ ነው፤ የሚጠይቀኝ ከዴቻ የመጣ ገበሬም ይሁን የከተማ መምህር፣ ፍርሃቱ ያው ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ይህች ኪኒን የምትሠራው በብዛት ስለምትጫን አይደለም፤ ሁለቱንም በጥቂቱ ስለምትሰጥ ነው።

መነሻውን በአጭሩ ልበል፤ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ግፊት ከ140 በ90 በላይ ሆኖ ሲቆይ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ያበላሻል፤ ሕመም ስለሌለው ሰው ይዘናጋል፤ መድኃኒቱም በየቀኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። እዚህ የምናወራላት ኪኒን ለምሳሌ ቴልሚሳርታን 40 ሚሊግራምና አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም፣ ወይም ሊሲኖፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በአንድ ላይ ተጨምቀው የተሠሩባት ናት።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። አንድ የግፊት መድኃኒት ሳይበቃ ሲቀር አብዛኞቻችን የምናውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ መጠኑን እጥፍ ማድረግ። እ.ኤ.አ. በ2003 የለንደን ተመራማሪዎች 354 ጥናቶችን አሰባስበው ሲያሰሉ ያገኙት ይህን መፍትሔ ያሳፍራል። መደበኛ መጠን ያለው አንድ መድኃኒት የላይኛውን ቁጥር በአማካይ 9 ያህል ይቀንሳል። መጠኑ በግማሽ ቢያንስ ግን ቅነሳው ወደ 4 ተኩል አይወርድም፤ 7 ያህል ላይ ይቆያል። ግማሹ መጠን የሙሉውን ሥራ አራት አምስተኛ ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው መጠን በአብዛኛው የሚጨምረው የጎንዮሽ ጉዳትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ያንኑ ጉዳይ በሌላ በኩል የፈተሹ ሰዎች 42 ጥናቶችን ደምረው፣ ሌላ ዓይነት መድኃኒት መጨመር የፊተኛውን መጠን እጥፍ ከማድረግ አምስት እጥፍ ያህል የበለጠ ግፊት እንደሚቀንስ አሳዩ። አንዱን በሬ ደጋግሞ ከመግረፍ ሁለተኛውን መጥመድ ይሻላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውነት ግፊትን በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም የሚይዘው። አምሎዲፒን የደም ቧንቧውን ጡንቻ ያላላል፤ ቧንቧው ሲላላ ግን ሰውነት «ግፊቴ ወረደ» ብሎ በሌላ በኩል ቧንቧ የሚያጠብ ሆርሞን ያስነሳል። ቴልሚሳርታን የዚያን ሆርሞን ሥራ ይዘጋል። አንዱ የከፈተውን ሰውነት እንዳይዘጋው ሌላው ይጠብቃል።

እግር ማበጥን ለብቻ ላንሳው፤ ብዙ ሰው መድኃኒት የሚተወው በዚህ ነውና። አምሎዲፒን ደም የሚያመጡትን ትናንሽ ቧንቧዎች ይከፍታል፤ ደም የሚመልሱትን ግን አይከፍትም። ወደ እግር የገባው ፈሳሽ ተመልሶ ለመውጣት ስለሚከብደው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይጠራቀማል። መጠኑ ከ5 ወደ 10 ሲወጣ እብጠቱ ይበዛል። ሰው «ኩላሊቴን ነካው» ብሎ ይደነግጣል፤ ኩላሊቱ ግን ደህና ነው። ከዚህ የሚከፋው፣ እብጠቱን ያየ ባለሙያ የሽንት መድኃኒት ሲጨምርበት ነው፤ እብጠቱ በሰውነት ውስጥ ውኃ በዝቶ የመጣ ስላልሆነ የሽንት መድኃኒት ብዙ አይረዳውም፤ በሽተኛው ግን አንድ ተጨማሪ ኪኒን ተሸክሞ ይሄዳል። ቴልሚሳርታን ደም የሚመልሱትን ቧንቧዎችም ስለሚያላላ ያንን ፈሳሽ መውጫ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሲሰጡ እብጠቱ አምሎዲፒን ብቻውን ከፍ ብሎ ሲሰጥ ከሚሆነው ያነሰ ነው።

በቁጥር እንከተለው። ግፊቱ 156 በ98 የሆነ ሰው እናስብ። አምሎዲፒን 5 ሲጀምር በአማካይ ስሌት ከወር በኋላ ወደ 147 ይወርዳል፤ ገና ከ140 በላይ ነው። መጠኑ ወደ 10 ቢወጣ 145 አካባቢ ይደርሳል፤ እግሩ ያብጥና መድኃኒቱን ይተዋል። በ5ቱ ላይ ቴልሚሳርታን 40 ቢጨመርለት ግን ወደ 138 ይወርዳል። የሰው ሰውነት ይለያያልና በእያንዳንዱ ላይ ልክ እንዲሁ አይሆንም፤ ግፊቱ ከፍ ባለ ቁጥርም ቅነሳው ይበልጣል። የመንገዱ አቅጣጫ ግን ይኸው ነው።

«እሺ፣ ሁለቱ ይሰጡ፤ ለምን በአንድ ኪኒን?» የሚለኝ አለ። መልሱ ሆስፒታል ውስጥ የለም፤ ያለው ቤት ውስጥ ነው። በእኛ አካባቢ በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ኢናላፕሪል ሲሆን ብዙ ጊዜ ጠዋትና ማታ ይወሰዳል። አምሎዲፒን ሲጨመርበት በቀን ሦስት፣ በወር ዘጠና ጊዜ ኪኒን መዋጥ ይሆናል። ሁለቱን በአንድ የያዘችው ግን በወር ሠላሳ ናት። የማታው መጠን የሚረሳው ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ልቅሶ ቤት ሲታደር፣ ቡና ለቀማ ላይ ሲመሽ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚጎዳው ሌላ ነው፤ ሁለት ኪኒን ያለው ሰው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይተዋል። የቀረው ኪኒን እጁ ላይ ስላለ መድኃኒት ያቋረጠ አይመስለውም፤ ሐኪሙም «ይወስዳሉ?» ሲለው በሙሉ ልቡ «አዎ» ይላል። ሐኪሙ ግፊቱ አለመውረዱን አይቶ ሦስተኛ መድኃኒት ያዝዛል።

አቅርቦቱም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ሲሆኑ ሁለት ክምችት፣ ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት የማለቂያ ቀን አለ። አንዱ መጋዘን ውስጥ ሲያልቅ በሽተኛው በመድን ካርዱ ያገኘውን አንዱን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላውን ከግል ፋርማሲ ግዛ ይባላል። ከገዋታ ወይም ከጨና ለቀጠሮ የመጣ ሰው የትራንስፖርቱን ከፍሎ ሲያበቃ ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይኖረውም። አንድ የሆነች ኪኒን ብታልቅ ባዶ መደርደሪያ ይታያል፤ ግማሽ ሕክምና ሙሉ መስሎ አይወጣም።

ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። በሰሜን ካሊፎርኒያ ካይዘር ፐርማነንቴ በተባለው የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2001 ከግፊት ታካሚዎቹ ግፊታቸው የተስተካከለው 44 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2009 80 በመቶ ደረሱ። በመካከሉ፣ በ2005፣ ሊሲኖፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተጣመሩባትን ኪኒን የሕክምና መመሪያቸው ውስጥ አስገቡ። ሥራው የኪኒኗ ብቻ አልነበረም። የታካሚዎች መዝገብ ነበራቸው፤ ሰው መድኃኒቱ ከተቀየረለት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ያለ ክፍያ መጥቶ ይለካ ነበር። ኪኒኗ ያለ ልኬት ብቻዋን እንዲህ ታደርጋለች አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አራት ዓይነት ጥምር የግፊት ኪኒኖችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ አሰፈረ፤ በ2021 መመሪያውም ሁለት መድኃኒት ሲጀመር በአንድ ኪኒን ቢሆን ይመረጣል አለ።

አሁን ደግሞ የሚያስቆጣኝን ልናገር። ከፋ ዝናብ የማይለየው አገር ነው፤ ቤት ውስጥ ያለ ጨው እንኳ ይርሳል። ቴልሚሳርታን ደግሞ እርጥበት የሚስብ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ኪኒኗ ከስትሪፑ የምትወጣው ልትዋጥ ስትል ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ቆጥሮ ሁሉንም አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ የሚከት፣ የሳምንቱን በአሮጌ ብልቃጥ አጠራቅሞ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው በየጊዜው አያለሁ። የለሰለሰች፣ ጣት ላይ የምትጣበቅ ወይም መልኳ የተለወጠ ኪኒን አትዋጥ፤ ትመለስ። ስትሪፕ በመቀስ እየቆረጡ የሚሰጡ ባልደረቦቼንም እለምናለሁ፦ የኪኒኗ ማደሪያ እንዳይቀደድ፣ የማለቂያ ቀኑም እንዳይጠፋ ተጠንቀቁ።

ሌላው ጥፋት አሮጌውን ከአዲሱ ጋር መቀጠል ነው። አንዲት እናት አዲሷን ኪኒን እየዋጡ ቤት የተረፈውን አምሎዲፒንም «እንዳይበላሽ» ብለው ይጨምሩ ነበር። «እማማ፣ እሱ እኮ አዲሷ ውስጥ አለ» ስላቸው ገረማቸው፤ ማንም አልነገራቸውም ነበር። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ «ይህኛው ያንን ተክቷል» ብሎ መናገር የእኛ ሥራ ነበር። ኪኒኗን ለሁለት መስበርም እንዲሁ አይገባም፤ አንዳንዶቹ በሁለት ንብርብር የተሠሩ ስለሆኑ ስብራቱ እኩል አይሆንም። አንድ ቀን ከተረሳች በዚያው ቀን ሲታወስ ትዋጥ፤ በማግስቱ ሁለት አይዋጥም። አምሎዲፒንም ቴልሚሳርታንም ሰውነት ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆዩ የአንድ ቀን መርሳት ግፊቱን ወዲያው አያስፈነጥረውም።

ድክመቷን አልሸሽግም። ሁለቱ ስለተጣበቁ አንዱ ካልተስማማ ሁለቱም ይነሳሉ፤ ሊሲኖፕሪል ያለባት ደረቅ ሳል ብታመጣ ኪኒኗ እንዳለች ትቀየራለች። ቴልሚሳርታን ወይም ሊሲኖፕሪል ያለባትን ነፍሰ ጡር ሴት መውሰድ የለባትም፤ ጽንሱን ይጎዳልና ለመውለድ ያሰበችም አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። ኃይለኛ ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው ኩላሊቱ እንዳይጎዳ ባለሙያ ጠይቆ ለጊዜው ማቆም ሊኖርበት ይችላል። በጣም ያረጁና አቅም ያነሳቸው ሰዎች በአንድ መድኃኒት ቢጀምሩ ይሻላል። ቡናውን በጨው የሚጠጣ ሰውም ኪኒኗ የምታወርደውን በሲኒ እየመለሰው ነው።

ለቀጠሮ ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ቀበሌያችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ቤት ያለውን የግፊት ኪኒን ሁሉ፣ ያለቀውን ስትሪፕ ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። በቀን ከአንድ በላይ የግፊት ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ «እነዚህ በአንድ የተጣመሩበት አለ ወይ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ከሰጧችሁ ደግሞ የትኛውን አሮጌ ኪኒን እንደተካች ካርዳችሁ ላይ እንዲጽፉላችሁ አድርጉ፤ ከወር በኋላም ተመልሳችሁ ተለኩ።